ወደ አዲሱ ላኪው

ቃለሕይወት «አላውቅም» ከሚል ጥርሱን ቢያስነቅል ይመርጣል። መንገድ የጠየቀውን ሰው፣ መንገዱን ባያውቀው እንኳ፣ በእጁ አንዱን ወገን ያመለክተዋል፤ ሰውየው የደረሰበት ይድረስ። ደሴ ሂሳብ አያያዝ ተምሮ ወደ ላሊበላ ሲመለስ ይኸው ጠባዩ ከዲፕሎማው ጋር አብሮት ተመለሰ። እኔ በዚህ ብቻ አልፈርድበትም። የተማረ ሰው ሁሉን ያውቃል ብሎ በሚያምን አገር «አላውቅም» ማለት እንዲህ ቀላል አይደለም። ያመጣውን ጣጣ ግን አልሸሽግለትም።

ሥራው የአንድ ማኅበር ሂሳብ ሹም መሆን ነበር። ማኅበሩ የገበሬዎች ነው። ከአሸተን ማርያም ጀርባ ባሉት ደጋ መንደሮች ውስጥ ጎጆ ሠርተው፣ በእግራቸው ተራራውን የሚያቋርጡ የውጭ አገር ተጓዦችን ያሳድራሉ፣ ያበላሉ፣ ጭናቸውን በአህያ ያሻግራሉ። ተጓዦቹን የሚልክ አንድ የውጭ አስጎብኚ ድርጅት አለ፤ የዓመቱን ሂሳብ ግንቦት ላይ አጠቃሎ በባንክ ይልካል። ከድርጅቱ ጋር በእንግሊዝኛ የሚጻጻፈው ቃለሕይወት ብቻ ነው። ላሊበላ ገበያው አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ቢሮ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተሩን ሲነካካ፣ ገበሬዎቹ በሩ ላይ ቆመው እንደ ቅዳሴ ያዳምጡት ነበር። ይህ ደስ ይለው ነበር፤ ለምን ይዋሻል?

የሆነው ነገር የሆነው በሁለት ሺህ ስምንት ነው። ያለፈው ክረምት ዝናቡ ቀርቶ ገብሱ እንደቆመ ደርቋል። እርዳታ ስንዴ ይመጣል፤ ስንዴው ግን ይበላል እንጂ አይዘራም። ገበሬዎቹ ለሰኔ ዘር የሚገዙት ከዚያ ከውጭ በሚመጣው ገንዘብ ነበር። ይህንን ቃለሕይወት ያውቃል። እናቱም ዘር ከሚጠብቁት አንዷ ነበሩ።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ የክፍያ መጠየቂያውን አዘጋጅቶ ለድርጅቱ ላከ። በሳምንቱ የቢሮው ስልክ ጮኸ። ካሪን ነበረች፤ የድርጅቱ ገንዘብ ከፋይ። ካሪንን መንደሩ ሁሉ ያውቃታል። አንድ ዓመት ራሷ መጥታ ስትጓዝ እግሯ ወለም ብሏት ከመንደሩ ገበሬዎች አንዷ በሆነችው በወለተ ሐና ቤት ሰንብታለች፤ ወለተ ሐና በቅቤ እያሸች አድናታለች። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለወለተ ሐና ሰላምታ ትልካለች።

መስመሩ ይንኮሻኮሽ ነበር እንጂ ቃለሕይወት የተባለውን ጥርት አድርጎ ሰምቷል። «መጠየቂያው ላይ የባንክ ሂሳባችሁ ተቀይሯል» አለችው። «ከመላኬ በፊት በቃል ማረጋገጥ ስላለብኝ ነው። ወደ አዲሱ ልላከው?»

አዲስ ሂሳብ? ቃለሕይወት ደነገጠ። እሱ የላከው መጠየቂያ ላይ ያለው የዱሮው ሂሳብ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ሰሞን ላሊበላ አንድ አዲስ ባንክ ቅርንጫፍ ከፍቶ ነበር። ሥራ አስኪያጁ የማኅበሩን ሊቀ መንበር፣ አቶ ከፋለን፣ ደጋግሞ ይጎበኛቸዋል፤ ሂሳባችሁን ወደ እኛ አዙሩ እያለ። ቃለሕይወት ይህን ተቃውሟል። አቶ ከፋለም «እናስብበታለን» ብለው ነገሩን አሳድረውታል። መሪ አስጎብኚው ምሥጋናው ደግሞ በስልኩ ኢሜይል መላክ ይችላል፤ ከአቶ ከፋለም ጋር ይቀራረባል። ቃለሕይወት በአንዲት ቅጽበት ይህን ሁሉ ገጣጠመው። ከጀርባዬ ቀየሩት ማለት ነው! እኔ ሂሳብ ሹሙ ሳላውቅ፣ በምሥጋናው አስጽፈው ላኩት ማለት ነው! ፊቱ ጋለ።

«አንዴ ጠይቄ ልደውልልሽ» ቢላት ነገሩ ሁሉ እዚያው ይቀር ነበር። ግን እንዴት ይበል? የገዛ ቢሮውን ጉዳይ የማያውቅ ሂሳብ ሹም መሆኑን ለፈረንጅ ይንገር? ድምፁን አስተካክሎ፣ «አዎ፣ ትክክል ነው፤ ወደ አዲሱ ላኪው» አላት።

ካሪን አመሰገነችው፤ ወለተ ሐናን ሰላም በልልኝ ብላ ስልኩን ዘጋች። ሰላምታውን አላደረሰም።

ከዚያ በኋላ አቶ ከፋለን ሄዶ ቢጠይቃቸውስ? አልጠየቀም፤ አኮረፈ። «እሳቸው ካልነገሩኝ እኔ ለምን እጠይቃለሁ» አለ በልቡ። ሽማግሌው ቢሮ ሲገቡ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ «ደኅና አደሩ አያ ከፋለ» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ አፉን አይከፍትም። አቶ ከፋለ ደግሞ የሰው ኩርፊያ የማይገባቸው ሰው ናቸው። ጥርሱን አሞት ይሆናል ብለው ሚስታቸው የቀመሙትን መድኃኒት በጨርቅ ቋጥረው አመጡለት። ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ወረወረው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ቃለሕይወት ግን ጠርጥሮ ነው የተመነጠረው፤ የጠረጠረው ሰው ሌላ ሆነ እንጂ።

ግንቦት ሊያልቅ ሲል አቶ ከፋለ «ገንዘቡ ምነው ዘገየ?» አሉ። ቃለሕይወት በኩርፊያ ድምፅ፣ «አዲሱን ባንክ ይጠይቋቸዋ!» አላቸው።

ሽማግሌው ግራ ገባቸው። «የቱን አዲሱን? አንተ አይሆንም ካልህ ወዲያ እኔ መቼ ወደዚያ ሰውዬ ሄድኩ? እንዳይመጣብኝም ነግሬዋለሁ እኮ።»

እንግዲያ አዲሱ ሂሳብ የማን ነው? ቃለሕይወት ወጥቶ ወደ ሰአዳ ሮጠ።

ሰአዳ ኮምፒውተርና ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት፣ ከወልድያ የመጣች ሴት ናት። የተበላሸ ነገር ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚሄደው። የማኅበሩን ኢሜይል አስከፍታው ማስተካከያውን ገባ ብላ አየች። «ቅርብ ጊዜ ፓስወርድህን የጠየቀህ ደብዳቤ መጥቶልህ ነበር?» አለችው።

መጥቶለት ነበር። መጋቢት ላይ፣ «የደብዳቤ ሣጥንዎ ሞልቷል፤ እንዳይዘጋ እዚህ ይግቡ» የሚል። ገብቶ የይለፍ ቃሉን ጽፎ ነበር።

«ያ የሌባ ደብዳቤ ነው» አለች ሰአዳ። «ያን ጊዜ ቁልፉን ወሰደልህ። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ብሎ ደብዳቤህን ሲያነብ ከርሟል፤ ማን እንደሚከፍላችሁ፣ መቼ እንደሚከፍል። ይኸው እይ፤ ‘ከዚህ ድርጅት የሚመጣው ሁሉ ወደዚህ ሌላ ማኅደር ይግባ’ ብሎ ትእዛዝ ሰጥቶበታል። እነሱ የጻፉት ለሱ ይደርሳል እንጂ አንተ አታየውም። መጠየቂያህን ደግሞ ገልብጦ፣ የባንኩን ቁጥር ብቻ ቀይሮ፣ ካንተው አድራሻ ልኮላቸዋል።»

የተደበቀውን ማኅደር ከፈተችው። የማኅበሩ ዓርማ፣ የቃለሕይወት ስም፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። ከታች ግን በሌላ አገር ያለ ባንክ ተጽፏል፤ «የውጭ ምንዛሪ እጥረት ስላለ ወደዚህ ቢልኩልን ቶሎ ይደርሰናል» የሚል ማብራሪያም አለው። ቃለሕይወት ራሱ እንኳ እንዲያ አሳምሮ አይጽፍም። ካሪን ገንዘቡን የላከችው በደወለችለት ማግስት ነበር።

«አብሽር፣ ዛሬውኑ ለባንካቸው ያስታውቁ፤ አንዳንዴ ይመለሳል» አለችው ሰአዳ፤ የይለፍ ቃሉን ቀየረችለት፤ የሌባውን ትእዛዝ ሰረዘችለት። እሱ ግን የሚያፍረው የይለፍ ቃሉን በመስጠቱ አልነበረም። በዚያስ ብዙ ሰው ይታለላል። ያቺ ሴት ሌባውን በሩ ላይ ይዛ «ይህ ሰው የእናንተ ነው ወይ?» ብላ ጠይቃዋለች። እሱ ነው «አዎ፣ የኛ ነው» ብሎ ያስገባው።

ይህን ግን ለሰአዳም አልነገራት።

ድርጅቱ ለባንኩ አመለከተ፤ ገንዘቡ ከገባበት ሂሳብ ወጥቶ አልቋል። ከዚያ ከድርጅቱ ኃላፊ አንድ ደብዳቤ መጣ። ቃለሕይወት በማኅበሩ ኮሚቴ ፊት እያነበበ ተረጎመው። «ሠራተኛችን ካሪን ገንዘቡን ከመላኳ በፊት በቢሯችሁ ስልክ ደውላ አንድ ሰው እንዳረጋገጠላት ትናገራለች። ማን እንደሆነ ስትጠየቅ፣ መስመሩ ጥሩ ስላልነበረ በእርግጠኝነት የሰው ስም አልጠራም ብላለች። ከእናንተ ወገን ያረጋገጠ ሰው ከሌለ፣ ይህንኑ በማኅተም አስታውቁን። ያን ጊዜ ጥፋቱ የኛ ነውና ሂሳባችሁን ድጋሚ እንከፍላለን፤ ካሪንም ያላደረገችውን አድርጌያለሁ በማለቷ ትጠየቅበታለች።»

ደብዳቤው ሲያልቅ ቢሮው በደስታ ተናወጠ። ምሥጋናው አጨበጨበ። «በሉ ይታተም! ማን አረጋገጠላት? ማንም!» የቢሮውን ስልክ ማንም ያነሣዋል፤ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ ያረጀች ሞባይል ናት። ዘበኛው አረጋ ያነሣታል፣ ምሥጋናው ያነሣታል፣ ቡና ጠጪው ሁሉ ያነሣታል። ግን በእንግሊዝኛ «ትክክል ነው» የሚል ከቃለሕይወትና ከምሥጋናው በቀር ማን አለ? ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ወይም ማሰብ አልፈለገም።

ቃለሕይወት ደብዳቤውን ጻፈው። «ከማኅበራችን ያረጋገጠ ማንም የለም።»  ዘሩ ይገዛል፣ እናቱ ይዘራሉ፣ ካሪን ደግሞ... ካሪን ፈረንጅ ናት፤ ሌላ ሥራ ታገኛለች። ሰው ሲያፍር ስንት ምክንያት ይፈጥራል! ስሙን እንኳ ልጥራ ያላለች ሴት፣ እሱ በጽሑፍ ውሸታም ሊያደርጋት ነው።

አቶ ከፋለ ማኅተሙን ከኪሳቸው አወጡና መልሰው ጨበጡት። «እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «የማላነበው ነገር ላይ የማትመው አጣርቼ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አውጫጭኝ እንጥራ። ስልኩን የነካ ሁሉ ይማል። ያን ጊዜ አትማለሁ።»

ምሥጋናው ሳቀ። «አያ ከፋለ፣ አውጫጭኝ እኮ በሬ ሲጠፋ ነው! ሌባው ባሕር ማዶ ነው ያለው!»

«ሌባውን አይደለም የምፈልገው» አሉ ሽማግሌው። «ደወልኩ የምትለው ልጅ ማንን እንዳነጋገረች ነው።»

አውጫጭኝ አገሬው ወንጀለኛ የሚያወጣበት ነው። ሕዝቡ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ያየ፣ የሰማ፣ የጠረጠረ በመሐላ ይናገራል፤ ነገሩ ሳይወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እሑድ ዕለት በደጋው መንደር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ውጭ፣ ከትልቁ ወይራ ሥር ሰው ተቀመጠ። መምሬ ወልደ ሰንበት መስቀላቸውን ይዘው መሀል ቆሙ። ወንዱ በአንድ ወገን፣ ሴቱ በአንድ ወገን። የቃለሕይወት እናት ከወለተ ሐና አጠገብ ነበሩ፤ ልጃቸው የኮሚቴ ሰው በመሆኑ ነጠላቸውን አሳምረው ለብሰዋል።

አረጋ ተነሣ። «ስልኩን አነሣለሁ፤ ፈረንጅ ከሆነ ግን ‘ሄሎ’ ብዬ እዘጋዋለሁ። ሌላ ባውቅ ማርያም ትጠይቀኝ።» ሰው ሳቀ። መምሬ መስቀሉን አሳለሙት።

ምሥጋናው ተነሣ፤ ማለ፤ ተሳለመ።

አቶ ከፋለም ተነሡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «ከዚች ልጅ ጋር በስልክ አልተነጋገርሁም። ሂሳብ ቀይሩም አላልሁም። ብዬ እንደሆነ ዘሬ አይብቀል» አሉ። ሰው ሁሉ «ኧረ አያ ከፋለ!» አለ፤ እሳቸውን ማስማሉ ራሱ አሳፍሮት።

ቃለሕይወት ከመቀመጫው ብድግ አለ። መምሬ መስቀሉን ዘረጉለት። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ «አላውቅም» ማለት። ዕድሜውን ሙሉ የጠላት ቃል ያን ዕለት ልታድነው ተዘጋጅታ ነበር። ከመስቀሉ ወዲያ እናቱን አያቸው። አቶ ከፋለ ደግሞ ባርኔጣቸውን ገና አልደፉም፤ ፀሐዩ ራሰ በራ ጭንቅላታቸው ላይ ያርፋል።

«እኔ ነኝ» አለ።

መምሬ ያልሰሙ መስሏቸው ጆሯቸውን አቀረቡ።

«እኔ ነኝ። ደውላ ነበር። ሂሳቡ መቀየሩን ነግራ ጠየቀችኝ። አላውቅም ማለት አፈርሁና ትክክል ነው፣ ወደ አዲሱ ላኪው አልኋት። ልጅቱ አልዋሸችም።»

 ወልደ ኪዳን የሚባል ገበሬ፣ «እንግዲህ ድጋሚ አይከፍሉንም ማለት ነው» አለ፤ በቁጣ አይደለም፤ የገባውን ለሌሎች እንደሚያስረዳ ሰው ነው የተናገረው። ቁጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንዱ «ምን አስለፈለፈህ? ዝም ብትል ምን ነበረበት!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «ያን ቀን ነበር እንጂ ዝም ማለት!» አለ። ቃለሕይወት ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። የእናቱን ወገን ማየት አልቻለም።

ወለተ ሐና ተነሣች። «አንተ ልጅ፣ አንድ ሰው መጠየቅ ያፈርህ፣ ይህን ሁሉ ሰው ዘር ስታሳጣ እንዴት አላፈርህም?» አለችው። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞራ፣ «ቢሆንም ያች ልጅ ቤቴ እንጀራዬን በልታለች። በሷ ስም በሐሰት የመጣ ዘር ማሳዬ ላይ አይወድቅም» ብላ ተቀመጠች።

ከሰዓት በኋላ ድረስ ተከራከሩ። በመጨረሻም ያለው ለሌለው ዘር እንዲያበድር፣ የቃለሕይወትም ደመወዝ ብድሩ እስኪያልቅ ለዘር እንዲውል ተወሰነ። እናቱ ከሁሉ ቀድመው ተነሥተው ሄዱ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ነበር።

አቶ ከፋለና ቃለሕይወት ወደ ላሊበላ የሚወርደውን ቁልቁለት አብረው ያዙት። ሽማግሌው ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ብዙ ከወረዱ በኋላ አቶ ከፋለ ቆመው ጠበቁት።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «የሌለ ሂሳብ ስትነግርህ ማን የቀየረው መሰለህ?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «እርስዎ» አለ። «ከእኔ ተደብቀው፣ በምሥጋናው አስጽፈው።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አያ ከፋለ።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ቁልቁል ወደ ከተማው ተመለከቱ። «ከዚያ በፊት ምን አድርጌህ አውቃለሁ? አንድ ነገር ንገረኝ። ደብቄህ የሠራሁት፣ ዋሽቼህ የያዝሁት።»

ቃለሕይወት ፈለገ። ከልቡ ፈለገ፤ አንድ ትንሽ ነገር ቢያገኝ እፎይ ይል ነበር። የመጣለት በጨርቅ የተቋጠረው የጥርስ መድኃኒት ብቻ ነበር።

«ምንም» አለ።

«ይገርማል» አሉ አቶ ከፋለ ቀስ ብለው። «ያ ባሕር ማዶ ያለው ሌባ ገንዘባችንን ወሰደ፤ አያውቀንም። አንተ ግን ታውቀኛለህ።»

ምነው በሰደቡት! ምነው በዱላቸው ባሉት!  «ሥራውን እለቃለሁ» አለ።

«አትለቅም። ለቅቀህ የት ልትደበቅ? ይልቅ ለልጅቱ ደውልላት።»

ቃለሕይወት የዱሮውን ውል ከቦርሳው አወጣ፤ ኢሜይሉ ላይ ያለውን ቁጥር ማመን ትቷል። ከውሉ ላይ እያየ ደወለ። ካሪን እሑድም ቢሆን አነሣችው። አቶ ከፋለ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ቢሆንም አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ፊቱን ያዩ ነበር።

«ካሪን፣ ቃለሕይወት ነኝ» አለ። «ያን ቀን ያነጋገርሽው እኔ ነኝ። ‘አዎ’ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ለአለቃሽ ነገ በማኅተም እንጽፍለታለን።»

 «አውቃለሁ» አለች ካሪን። «አንተ መሆንህን ያኔውኑ አውቄ ነበር። ስምህን ብሰጣቸው ያባርሩሃል ብዬ ነው።»

ቃለሕይወት ስልኩን ከጆሮው አወረደ።

«ምን አለችህ?» አሉ አቶ ከፋለ።

ነገራቸው። ቃል በቃል ነገራቸው። ሽማግሌው ተነሥተው አቧራቸውን አራገፉና ቁልቁለቱን ቀጠሉ፤ እሱም ከኋላቸው ወረደ።